በቆሎ ሲደርስ ወባ ይመጣል

የተከበራችሁ የዞንና የወረዳ ኃላፊዎች፣ የጤና ጣቢያ ባልደረቦቼ፣ ከየጤና ኬላው በእግርም በሞተርም የመጣችሁ እህቶቼ፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

የመድረኩ መሪ አሥር ደቂቃ ሰጥተውኛል። ጡረታ ለሚወጣ ሰው አሥር ደቂቃ ለምስጋና ብቻ ትበቃለች፤ ስለዚህ ምስጋናውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ልጨርሰው። የሠላሳ አንድ ዓመት ስህተቴን ችላችሁ ስላቆያችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቀረውን ጊዜ ግን ዛሬ ጠዋት በቀረቡት ሪፖርቶች ውስጥ ደጋግሜ ለሰማኋት አንዲት ቃል ልጠቀምበት። ቃሏ «በመሆኑም» ናት። «በኅዳር ወር ሰፊ ዘመቻ ተካሂዷል፤ በመሆኑም በጥር ወር የወባ ታማሚዎች ቁጥር በእጅጉ ቀንሷል።» ጭብጨባም ተከትሏል። እኔም አጨብጭቤአለሁ፤ ከልቤ ግን አልነበረም።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። አንዳንዶቻችሁ ሰምታችሁታል፤ ታገሡኝ።

ሥራ በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ጥቅምት ላይ፣ ቆላ ካለች አንዲት ጤና ጣቢያ ተመድቤ ነበር። ያን ጊዜ ፈጣን መመርመሪያ የሚባል ነገር የለም። ያለን አንድ ማይክሮስኮፕ ነው፤ እሱም መብራት ስለሌለ መስኮት ሥር ተቀምጦ በመስታወቱ ፀሐይ እየቀለበ የሚሠራ። ሰልፉ ከበሩ ተነሥቶ ዋርካው ሥር ይደርሳል። ከሰልፉ መካከል አንዲት እናት የአምስት ዓመት ያህል ልጅ አዝላ ቀረበች። ልጁ በትኩሳት ይንቀጠቀጣል። «ምን ሆነ?» አልኋት። «እሸት በልቶ ነው» አለችኝ። «ተው ብዬው ነበር፣ ተደብቆ ከማሳው ገብቶ የበቆሎ እሸት በላ፤ ይኸው ወባ ያዘው።»

እኔ ደግሞ ከማሠልጠኛ ከወጣሁ ገና ዓመት ከመንፈቅ ነው፤ ነጭ ጋዋኔም አዲስ ነው። ያን ሁሉ ሰው እያየሁ ጮኽሁባት። ወባ በትንኝ እንጂ በበቆሎ እንደማይመጣ፣ እንዲህ ያለ ኋላ ቀር አስተሳሰብ ሕዝቡን እንደጨረሰው ዘረዘርሁላት። ዝም ብላ አዳመጠችኝና፣ ልጁን ከጀርባዋ ወደ ደረቷ እያዞረች እንዲህ አለችኝ፤ «ልጄ፣ እኔ አልተማርሁም። ግን በቆሎ ሲደርስ ወባ ይመጣል፤ በቆሎ ተሰብስቦ ሲያልቅ ወባ ይሄዳል። አያቴም ይህንኑ አይታለች። ውሸቴን ነው?»

ውሸቷን አልነበረም። መልስ ስላልነበረኝ «የሚቀጥለው» ብዬ ተጣራሁ።

እስቲ የእርሷን ነገር ከእኔ ጩኸት ለይተን እንየው። ሁለት ነገሮች በየዓመቱ አብረው ይመጣሉ፣ አብረው ይሄዳሉ። ይህ ተዛምዶ ነው፤ እርሷም በትክክል ቆጥራዋለች። ጥያቄው አንደኛው ሌላውን አመጣው ወይ የሚለው ነው። እዚህ ላይ ቀኑን መቁጠር ይጠቅማል። ክረምቱ ሲያባራ ኩሬውና የከብት ኮቴው ሁሉ ውሃ እንዳቆረ ይቀራል፤ ፀሐይም ወጥታ ታሞቀዋለች። ትንኟ የጣለችው እንቁላል እጭ ሆኖ፣ ከእጭም አልፎ ክንፍ እስኪያወጣ በሞቃት ቦታ ሁለት ሳምንት አይሞላም። ያቺ ትንኝ በሽተኛ ነክሳ የቀዳችው ተውሳክ በሆዷ ውስጥ እስኪበስል ደግሞ አሥር ቀን ወይም ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ጤነኛውን ከነከሰችው በኋላም ትኩሳቱ እስኪነሣ ሌላ ሁለት ሳምንት ገደማ ያልፋል። ደምሩት፤ ከወር በላይ ነው። በዚያ ወር ውስጥ ያው ዝናብ የበቆሎውን ዛላ አሽቷል። ዝናብ በአንድ እጁ እሸቱን፣ በሌላ እጁ ትንኟን ይዞ መጣ። እናትየው ያየችው ሁለቱን እጆች ነው፤ ባለቤታቸውን ግን አላየችውም፤ ምክንያቱም ትኩሳቱ ሲነሣ ዝናቡ ሄዷል፣ እሸቱ ግን ገና በልጁ እጅ ላይ ነው።

ይህን እንዴት እናረጋግጣለን? መጮኽ አያስፈልግም ነበር። ያኔ ሰልፉን ዞር ብዬ ባየው መልሱ እዚያው ነበር። ከእርሷ ሦስት ሰው ወረድ ብሎ ጡት የምትጠባ ሕፃን ነበረች፤ ጥርስ አላወጣችም፤ በዚያ ቀን በማይክሮስኮፑ ካየሁት ደም ሁሉ በተውሳክ የተሞላው የእርሷ ነበር። እሸት አልቀመሰችም። በሌላ በኩል ደግሞ አዲስ አበባን አስቡ። በክረምት በየመንገዱ ዳር በከሰል የተጠበሰ በቆሎ የማይበላ ማን አለ? ከተማዋ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ስለሆነች፣ በቆሎውን በልቶ ቤቱ የተኛ ሰው ወባ አይዘውም። የበላ ሳይታመም፣ ያልበላ ሲታመም ካየን፣ ነገሩ ከመብላቱ ላይ የለም ማለት ነው። ይህን በአምስት ደቂቃ ላስረዳት እችል ነበር። እርሷም ትረዳኝ ነበር፤ ከእኔ ይልቅ ጥሩ ቆጣሪ ናትና።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ክፍል ልምጣ።

ከዓመታት በኋላ፣ በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት እጄ ገባ። አንድ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከአሜሪካ ባልደረቦቹ ጋር እዚሁ አገራችን የሠራው ነው። የበቆሎ የወንዴ አበባ በአገዳው አናት ላይ ሲፈካ ቢጫ ዱቄት ያረግፋል፤ በእርሻ ያደጋችሁ ልብሳችሁ ላይ ሲቀር ታውቁታላችሁ። ዱቄቱ ኩሬ ላይ ሲያርፍ የወባ ትንኝ እጭ ይመገበዋል፤ የእኛይቱ የወባ ትንኝ እጭ ምግቧን የምትለቅመው ከውሃው ፊት ነውና። ተመራማሪዎቹ ካበበው በቆሎ አጠገብና ራቅ ባለ ቦታ ውሃ ውስጥ እጭ አኑረው ተከታተሉ። አጠገቡ የነበሩት አብዛኞቹ አድገው ወጡ፣ ሰውነታቸውም የዳበረ ነበር። ርቀው የነበሩት ጥቂቶቹ ብቻ ደረሱ። በኋላም ቡሬ አካባቢ በተሠራ ጥናት፣ ብዙ በቆሎ የሚዘራባቸው ቀበሌዎች ጥቂት ከሚዘራባቸው ይልቅ ወባ እጅግ ጠንቶባቸው ተገኘ። ዘግይቶ የሚደርሰው ምርጥ ዘርም አበባውን የሚያወጣው ትንኟ በምትራባበት ወቅት መሆኑ ተጨማሪ ምክንያት ተደርጎ ቀርቧል።

እናም በቆሎው እጁ አለበት! በሆድ በኩል ሳይሆን በኩሬ በኩል። የቡሬው ቆጠራ ብቻውን ቢሆን ኖሮ እኔ አሁንም እጠራጠር ነበር፤ በቆሎ የሚበዛበት ቀበሌ ቆላማም ውሃማም ሊሆን ይችላልና። እጁን የያዘው በእጮቹ ላይ የተደረገው ሙከራ ነው፤ እዚያ ሰው ሆን ብሎ አንድ ነገር ብቻ ለወጠ፣ ርቀቱን፤ ከዚያም የሚሆነውን ጠበቀ። አብሮ መሄድን ከማምጣት የሚለየው ይህ ነው። ያቺ እናት ግን ከእኔ በፊት ግማሹን አውቃለች፤ እኔም ግማሹን አውቄ ጮኼባታለሁ።

ወደ «በመሆኑም» ልመለስ።

ወገኖቼ፣ በኅዳር ዘመቻ አድርጎ በጥር ወባ ቀነሰ የሚል ሪፖርት እና እሸት በልቶ ወባ ያዘው በሚለው መካከል ምን ልዩነት አለ? ንገሩኝ! ዝናቡ ሄዷል፣ ኩሬው ደርቋል፣ ትንኟ የምትራባበት አጥታለች። ዘመቻ ብናደርግም ባናደርግም ጥር ላይ ወባ ይቀንሳል። እናትየዋን ኋላ ቀር ብለን ሰደብናት፤ ያንኑ አስተሳሰብ በኮምፒውተር ጽፈን፣ በባለቀለም ግራፍ አስጊጠን ስናቀርበው ግን የምስክር ወረቀት እንሸለምበታለን! ተሸላሚዎቹ መካከል እኔም አለሁ፤ ወረቀቱ ቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ከዛሬ ማታ በኋላ ግን አይኖርም።

እንበል፣ ዘመቻ የተካሄደበት ቀበሌ በኅዳር በሳምንት 80 ታማሚ ነበረው፣ በጥር 20 ሆነ። ደስ ይላል። ዘመቻ ያልደረሰው ጎረቤት ቀበሌ ደግሞ ከ76 ወደ 19 ወረደ። ይህን ሁለተኛ መስመር ሪፖርታችሁ ላይ አላየሁትም። ማንም አልዋሸም፤ ብቻ ማንም ጎረቤቱን አልጠየቀም። ዘመቻው የሚላከውም ሁልጊዜ ወባ ከባሰበት ቀበሌ ነው፤ ከባሰበት ቦታ የተነሣ ቁጥር ደግሞ በራሱም ቢሆን ወደ ታች ማድላቱ አይቀርም።

ይህን ስል ሥራችሁ ከንቱ ነው አላልሁም፤ ወሬው እንዲህ ሆኖ ከዚህ አዳራሽ እንዳይወጣ። አጎበር ያድናል። ያድናል የምለው ግን ጥር ላይ ወባ ስለቀነሰ አይደለም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በጋናና በኬንያ አካባቢዎች በዕጣ ተከፍለው፣ ዕጣ የወጣላቸው ቀድመው በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ወሰዱ፣ ሌሎቹ ጠበቁ። ዝናቡ በሁለቱም ላይ ዘነበ፣ በሁለቱም ላይ አባራ። አጎበር በወሰዱት ዘንድ የሕፃናት ሞት በአምስት አንድ እጅ ያህል ቀነሰ። ዕጣ ዝናብን አያውቅም፣ ደጋና ቆላን አይለይም፣ ለዚህ ነው የሚታመነው።

እኛ በየዓመቱ ዕጣ ማውጣት አንችልም፤ ገባኝ። ግን በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የወባ መከታተያ ሰንጠረዥ አለ፤ አንዳንዱ ጋ የጠረጴዛ ልብስ ሆኖ አይቼዋለሁ። ያ ሰንጠረዥ ያለፉትን አምስት ዓመታት በየሳምንቱ ያስቀምጣል፤ ከአምስቱ ሁለተኛው ትልቅ ቁጥር የማስጠንቀቂያ መስመር ይሆናል። ስለዚህ የዘንድሮን የጥር ሁለተኛ ሳምንት ከዘንድሮ ኅዳር ጋር ሳይሆን ካለፉት ዓመታት የጥር ሁለተኛ ሳምንት ጋር አስተያዩት። ከዚያም ዘመቻ ያልደረሰውን ጎረቤት አጠገቡ ጻፉት። ያኔም ልዩነት ከታየ «በመሆኑም» በሉ፤ መጀመሪያ የማጨበጭበው እኔ ነኝ።

ሌሎች ሁለት ነጥቦች ጽፌ ነበር፤ አንዱ ስለ መድኃኒት አቅርቦት፣ አንዱ ስለ ውሎ አበል። የአበሉን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ የመድኃኒቱን በጽሑፍ ለጽሕፈት ቤቱ ትቻለሁ። ሰብሳቢው ሰዓታቸውን እያዩ ነው።

እህቶቻችን ውጭ በረንዳው ላይ የተቀቀለ የበቆሎ እሸት አዘጋጅተውልናል፤ ሽታው እስከዚህ ደርሷል። ሳትፈሩ ብሉ። ከመሸ በኋላ ግን እዚያ በረንዳ ላይ አትቀመጡ፤ ከኋላው ያለው ኩሬ ገና አልደረቀም፣ ከኩሬው ማዶ ያለው በቆሎም አበባውን ያረገፈው በቅርቡ ነው።