በኦፕራሲዮን ከወለዱ በኋላ በምጥ መውለድ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የመጀመሪያ ልጄን በኦፕራሲዮን ነው የወለድኩት። በመቀመጫው መጥቶ ነበር። አሁን ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖታል፣ እኔም ስምንተኛ ወሬን ይዣለሁ። ጠባሳዬ ወደ ጎን ነው። በምጥ ልሞክር?

መልስ፦ እህቴ፣ እስካሁን የነገርሽኝ ጥሩ ነው። ግን በቆዳሽ ላይ ያለው ጠባሳ ማህፀንሽ እንዴት እንደተቀደደ አይናገርም። ቆዳው ወደ ጎን፣ ማህፀኑ ደግሞ ከላይ ወደ ታች ተከፍቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ያኔ ከወለድሽበት ሆስፒታል የኦፕራሲዮኑን ማስረጃ አውጪ። የማህፀኑ የታችኛው ክፍል ወደ ጎን ከተከፈተ፣ በምጥ ጊዜ የመተርተር ዕድሉ ከ100 ሴቶች በአንዷ እንኳ አይሞላም። ከላይ ወደ ታች ከሆነ ግን ምጥ አይሞከርም። ማህፀኗ ከዚህ በፊት የተተረተረ ሴትም እንደዚሁ።

ያኔ ለኦፕራሲዮን ያበቃሽ የልጁ አመጣጥ ነው። ይህኛው በጭንቅላቱ ከመጣ ያ ምክንያት የለም። ምጥ ከሚሞክሩ 100 እናቶች ከ60 እስከ 80 የሚሆኑት ይሳካላቸዋል፤ ከዚህ በፊት በምጥ የወለደች ደግሞ የበለጠ ዕድል አላት። በሁለቱ ወሊዶች መካከል ከ18 ወር በላይ መሆኑም ይጠቅምሻል። የእንግዴ ልጁ የማህፀኑን በር አለመዝጋቱን በአልትራሳውንድ አረጋግጪ። ምጡ በራሱ ቢመጣ ይመረጣል። ሚሶፕሮስቶል ምጥ ለማምጣት ላንቺ አይሰጥም፣ ስፌቱን ያስተረትራል። አንድ ነገር ግን አልደራደርም፦ ኦፕራሲዮን ክፍሉና ባለሙያው ሌት ተቀን ዝግጁ ያልሆኑበት ቦታ አትሞክሪ።

ጥያቄ፦ እኔ ባሏ ነኝ። ማህፀኑ ቢተረተር በምን እናውቃለን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታወቀው በልጁ የልብ ምት ነው። ምቱ ይወርዳል፣ ቶሎም አይመለስም። ይህን ቤት ሆናችሁ አታዩትም። ለዚህ ነው ምጡ ሲጀምር ሳትቆዩ ኑ፣ የልጁም ልብ ያለማቋረጥ ይከታተል የምለው።

ሌላውን ግን አንተም ልታስተውል ትችላለህ። ምጥ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሲሄድ እጅህን ሆዷ ላይ ብታደርግ ለስለስ ይላል፣ እሷም ትንፋሽ ታገኛለች። ምጡ ሄዶም ሕመሙ ካልለቀቃት፣ በተለይ የድሮው ስፌት አካባቢ ከጸና፣ ለአዋላጇ ወዲያው ንገር። ሲገፋ የነበረ ምጥ በድንገት ጸጥ ካለ ዕረፍት አይምሰልህ። ደም ከፈሰሳት፣ ትከሻዋን ካመማት፣ ሽንቷ ደም ከቀላቀለ፣ ከገረጣች፣ ልቧ ቶሎ ቶሎ ከመታ ወይም ካዞራት አሁንም አዋላጇን ጥራ። ምልክቶቹ ሁሉ አንድ ላይ አይመጡም፤ አንዱ ብቻ ይበቃል። አንዳንዴ ወርዶ የነበረው የልጁ ጭንቅላት ወደ ላይ ይመለሳል፣ እሱን አዋላጇ በምርመራ ታውቀዋለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የደቂቃዎች ነው፤ ሆዷ ተከፍቶ ልጁ ይወጣል፣ ማህፀኑም ይሰፋል ወይም ካልሆነ ይወጣል። በር ላይ ስትደርሱ የመጀመሪያ ቃልህ «ከዚህ በፊት ኦፕራሲዮን አላት» ይሁን።