ዋና ዳክዬ

እንደምን ናችሁ። ኳ ኳ የሚል ከሰማችሁ ያው ጠረጴዛው ነው። ካርቶኑ ከሥሩ ወጥቷል። አዲስ ነገር የለም።

ለልጆች በምጽፋቸው አምስት መጽሐፎች ውስጥ ስላለችው ዳክዬ ላወራ ነው። ስሟን "ዋና" ብያት ነበር አይደል? ላልቶ፣ ከመዋኘት። ሁለት ፊደል ብቻ፣ ለልጅ የማይከብድ። ሽፋኑ ላይ በትልልቅ ፊደል "ዋና ዳክዬ" ብዬ ጻፍኩ። እሁድ ለእህቴ ልጅ ሰጠሁት። አንደኛ ክፍል ነው፣ በጣቱ እየተከተለ ነው የሚያነበው። ጣቱን "ዋ" ላይ አደረገ። ቀጥሎ "ና" ላይ። ከዛ አጥብቆ አነበበው። እንደ ዋና ጸሐፊ፣ እንደ ዋና ዳይሬክተር። ቀና ብሎ አየኝና፦

"አክስቴ፣ ሌሎቹ ዳክዬዎች ምክትል ናቸው?"

እህቴ በሳቅ ሞተች። እሱ ግን አልሳቀም። መልሱን እየጠበቀ ነው።

ማታ የአምስቱንም መጽሐፍ ርዕስ ደረደርኩ። "ዋና ገበያ ሄደች።" እሺ፣ ማን ናት ወደ ዋናው ገበያ የሄደችው? "ዋና በር ላይ ቆመች።" "ዋና መንገድ ጠፋባት።" ኧረ በስመ አብ! ሁሉም! ስም ሲወጣ ብቻውን አይታይም ለካ። ከኋላው ከሚመጣው ቃል ጋር ነው መሞከር ያለበት። እኔ ደግሞ ስምንት ወር ሙሉ በልቤ እያላላሁ ሳነበው ኖሬ እንዴት ይታየኝ?

ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር ላይ በሚጠብቀው ፊደል አናት ነጥብ አድርገዋል። ግን አልተለመደም። ደግሞ የእኔዋ የምትላላ ናት። ነጥብ የሌለው ነገር ለስድስት ዓመት ልጅ ምን ይነግረዋል?

የተረቶቹ ስሞች እንዴት ብልህ ናቸው። አያ ጅቦ። እመት ጦጢት። እንስሳው ስሙ ውስጥ አለ፣ የፈለጋችሁትን ቃል አስከትሉት፣ አይበላሽም። ግን "እመት" ብላት ዳክዬዬ አሮጊት ትሆናለች፣ ጫጩት እኮ ናት። ዝም ብዬ "ዋኒት" ብላትስ? "ዋኒት ገበያ ሄደች።" ይሠራል። "ዋኒት መንገድ ጠፋባት።" ይሄም ይሠራል። ሴትነቷም እዚያው አለ፣ "ሄደች" እስኪመጣ አይጠበቅም።

እና ልቀይረው ወስኜ... ወስኜ ነበር ማለቴ ነው። ትናንት እህቴ ደወለች። ልጁ ሥዕል ሥሏል አለች። አንዲት ትልቅ ዳክዬ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ አራት ትንንሽ ዳክዬዎች ቆመዋል፣ ምክትሎቹ። አንዱ ማኅተም ይዟል።

ማኅተም! እኔ ስምንት ወር ሙሉ ኩሬ ውስጥ ሳዋኛት...

አላውቅም። ፊደሉን ለሽፋኑ በእጄ ነው የሣልኩት፣ "ና"ዋ ጭራ አላት፣ ውኃ ትነካለች። "ኒ" ላይ ያ ጭራ... ቆይ፣ ጠረጴዛው—