የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ በጽሑፍ ፈተና አንደኛ ወጥቼ ቃለ መጠይቅ ላይ ለምን ቀረሁ?

«እትዬ፣ ከሸዋ በር ነው የምደውለው። ለአንድ መሥሪያ ቤት ቅጥር ስመዘገብ 200 ብር ክፈይ አሉኝ። ልክፈል?»

አትክፈይ። ደረሰኝ አምጡ በያቸው፤ የሚሉትን ትሰሚያለሽ። ደግሞ ማስታወቂያውን ፎቶ አንሺው። ዛሬ ይህን ደጋግሜ ስለምለው አትሰልቹኝ።

«ከኮምቦልቻ ነኝ። በጽሑፍ ፈተና አንደኛ ወጥቼ ነበር። ከቃለ መጠይቅ በኋላ ሁለተኛ ሆንኩ፤ የሚፈለገው ደግሞ አንድ ሰው ነው። ቀምተውኛል?»

ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ተረጋግተን ሒሳቡን እንየው።

ጽሑፉ ከ70፣ ቃለ መጠይቁ ከ30 ነው እንበል። አንተ በጽሑፍ 58 አመጣህ፣ ተወዳዳሪህ 46። በ12 ነጥብ ትመራለህ። ቃለ መጠይቅ ላይ ለአንተ 15፣ ለእሱ 28 ተሰጠ። አንተ 73፣ እሱ 74። በአንድ ነጥብ አለቀ። የጽሑፉን ወረቀት ማንም አልነካም፣ ማንም አልሰረቀም። ሰው ማስገባት የፈለገ ኮሚቴ ጽሑፉ ላይ ብዙ አይደክምም፤ የቃለ መጠይቁ 30 ነጥብ ይበቃዋል።

ታዲያ ንጹሑን ከተጠመዘዘው በምን እንለየዋለን? እኔ መጀመሪያ የማየው የጽሑፍ ውጤቱ መቼ እንደተለጠፈ ነው። ከቃለ መጠይቁ በፊት ከተለጠፈ ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ላይ ተደምሮ ከወጣ ግን ጥያቄ አለኝ። ቀጥሎ የፈታኞቹን ቅጽ አያለሁ። ሦስት ፈታኝ ካለ ሦስት የተለያየ ቅጽ ሊኖር ይገባል፤ እያንዳንዱ ለብቻው ሞልቶ የፈረመበት። ሦስቱም ለአንተ 15፣ 15፣ 15፣ ለእሱ 28፣ 28፣ 28 ከሰጡ፣ ተነጋግረው እንደሞሉት እጠረጥራለሁ። ለየብቻ የሚያስቡ ሦስት ሰዎች እንዲህ ልክ በልክ አይገጥሙም። አንዱ 17 ይሰጣል፣ ሌላው 13።

ለሁሉም ተወዳዳሪ አንድ ዓይነት ጥያቄ ቀርቦ፣ መልሱም አስቀድሞ ተጽፎ ከነበረ ግን ምናልባት በእውነት ተበልጠህ ይሆናል። ጽሑፍ የሚያውቅ ሁሉ አፍ የለውም፤ ይህንንም መቀበል አለብህ።

አሁን የምታደርገው፦ ነጥቡ ተዘርዝሮ እንዲሰጥህ በጽሑፍ ጠይቅ። ማመልከቻህን መዝገብ ቤት አስገባና ቁጥሩን ያዝ። ካልተመለሰልህ ወደ ቅሬታ ሰሚው፣ ከዚያም ወደ ሲቪል ሰርቪስ መሥሪያ ቤቱ ትሄዳለህ። የከተማ አስተዳደሩ መሥሪያ ቤቶች የሚሄዱት በክልሉ አዋጅ ነው፤ እንደ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ያለው ደግሞ የፌዴራል ነው፤ የቅሬታው በር ይለያያል። ቀነ ገደቡ አጭር ስለሆነ ሳትውል ሳታድር ሂድ። ማስታወቂያውን ፎቶ አንስተሃል አይደል? የነጥብ ክፍፍሉ እዚያ ላይ ተጽፎ ከነበረ ትልቁ ማስረጃህ እሱ ነው።

«እትዬ፣ አንድ የምናውቀው ሰው ‹ውስጥ ሰው አለኝ፤ 50 ሺህ ብር ስጠኝና ፈተናውን ብቻ ተፈተን› አለኝ። አባቴ በሬ ሊሸጥልኝ ነው። ሁሉም እንዲህ ነው የሚገባው ይላሉ። ምን ትመክሪኛለሽ?»

በሬው ይቀመጥ። ስልኩን ለአባትህ ስጣቸውና ይስሙኝ።

ይህ ሰውዬ ምን እንደሚሠራ ልንገርህ። ለአንድ የሥራ መደብ ከአምስት ሰው 50፣ 50 ሺህ ይሰበስባል። ከዚያ ምንም አያደርግም። ቁጭ ብሎ ውጤቱን ይጠብቃል። ከአምስቱ አንዱ በራሱ ጉብዝና ካለፈ «አየህ? ጨረስኩልህ!» ይለዋል። ለአራቱ «ዘንድሮ ከላይ ተጫኑን» ብሎ ብራቸውን ይመልሳል። አራቱም ታማኝ ሰው ነው እያሉ ለዘመድ አዝማድ ያወሩለታል። ውስጥ ሰው የለውም፤ አንድም ቀን ኖሮት አያውቅም። ያለፈው ልጅ የራሱን ውጤት በ50 ሺህ ገዛ።

እሺ፣ የእውነት ሰው አለው እንበል። ይሄኛው ይብሳል።

አንደኛ፣ ጉቦ የሰጠም ይጠየቃል። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ተቀባዩን ብቻ አይደለም የሚይዘው። «ተገድጄ ነው» ማለት ፍርድ ቤት ላይ ቀላል አይደለም።

ሁለተኛ፣ ዕዳው በ50 ሺህ አያልቅም። እንዲህ ያለ ሰው ያስከፈላቸውን ልጆች የሚያስገባው ገንዘብና ንብረት ወዳለበት ነው፤ ግዥ፣ ንብረት ክፍል፣ መጋዘን። አንተን ንብረት ክፍል አስገባህ እንበል። ስድስት ወር ሳይሞላ ይደውላል። «100 ኩንታል ሲሚንቶ ገብቷል፤ የንብረት መቀበያ ደረሰኙን፣ ሞዴል 19ን ቁረጥ» ይልሃል። ትቆጥራለህ፤ 60 ነው። «አርባው ነገ ይገባል፣ አንተ ብቻ ፈርም» ይላል። እምቢ እንዳትል በማን ትከሻ እንደገባህ ታውቃለህ። ትፈርማለህ። አርባው ኩንታል አይመጣም። ኦዲተር ሲመጣ ሞዴል 19 ላይ የማን ስም አለ? የሰውየው ስም አንድም ወረቀት ላይ የለም። ጉድለቱ የሚጠየቀው ከአንተ ነው፤ ክሱም ያንተ ነው። በፈተና አልፎ የገባ ልጅ ግን «ያልቆጠርኩትን አልፈርምም» ማለት ይችላል። አለቃው ሊቆጣው ይችላል፣ ውለታ ግን አይቆጥርበትም። ዝምድናም ሆነ ጉቦ መሥሪያ ቤቱን የሚበላው እዚህ ላይ ነው፤ ሰነፍ ስለሚያስገባ ብቻ አይደለም፣ እምቢ የሚል ሰው ስለሚያሳጣ ነው።

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚገባው» የሚለውን ወሬ ማን እንደሚነዛው ገምት። ገበያው የሱ ነው። በፈተና ብቻ የገቡ ብዙ ልጆች አውቃለሁ፤ የሚያሳዝነው ግማሾቹ በራሳቸው ጉብዝና አልፈው ሳለ ምንም ላላደረገ ደላላ ከፍለዋል።

አብሽር፣ ፈተናህን ተፈተን። ማስታወቂያውን ፎቶ አንሳ። ሰውዬው የጻፈልህ መልእክት ካለም አታጥፋው።

«መሥሪያ ቤታችን ውስጥ አንዷ ለሁለት ዓመት በውክልና ቡድን መሪ ሆና ሠራች። አሁን የደረጃ ዕድገት ማስታወቂያ ሲወጣ ‹በቡድን መሪነት 2 ዓመት የሠራ› ይላል። እኔ 11 ዓመት አገልግያለሁ።»

ይህ ማስታወቂያ ለአንድ ሰው የተሰፋ ይመስላል። መጀመሪያ ያለ ውድድር ወክሎ ልምድ መስጠት፣ ቀጥሎ ያንኑ ልምድ መስፈርት ማድረግ። ልጅቷ ጎበዝ ልትሆን ትችላለች፤ ጥፋቱም የሷ ላይሆን ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጊዜው ላይ ነው። ውጤት ወጥቶ ሲወድቅ ነው መስፈርቱን የሚቃወመው። ያኔ «ስትመዘገብ ለምን ዝም አልክ?» ይባላል። ምዝገባው ሳይዘጋ ተቃወም። ለመደቡ በደረጃ የተቀመጠውን ተፈላጊ ችሎታ ከሰው ሀብት ክፍል ጠይቅና ከማስታወቂያው ጋር ጎን ለጎን አስተያይ። ማስታወቂያው እዚያ የሌለ ነገር ጨምሮ ከሆነ በጽሑፍ አቤት በል። የውክልና ደብዳቤዋ መቼ እንደተጻፈም ጠይቅ። ማስታወቂያውን ደግሞ... ታውቃለህ። አንዳንዴ በማግስቱ ተነቅሎ ሌላ ይለጠፋል።

«ከእኔ በትንሽ ነጥብ የምታንስ ሴት አለፈች። ይህስ ዝምድና አይደለም?»

አይደለም። እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ሲመጣ ለሴትና ለአካል ጉዳተኛ ተወዳዳሪ ቅድሚያ ይሰጣል፤ ሕጉ ላይ ያለ ነው። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ መልሰህ ደውልልኝ።

«እትዬ፣ ስሜን አልናገርም። ወንድሜ የተቀጠረው በራሱ ባልሆነ ዲግሪ ነው። አሁን ማስረጃ እናጣራለን እየተባለ ነው። እንቅልፍ አጥተናል።»

በሬዲዮ የምመልሰው አይደለም። ለሰውም አታውሩ፤ «አስተካክልላችኋለሁ» ለሚል ሰው ደግሞ አንድ ብር እንዳትሰጡ። ወንድምሽ ነገ ጠዋት ጠበቃ ያናግር።