ሰያፉ ያልተለካ መሬት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ አንድ ወዳጄ ከመፈረሙ በፊት «እስቲ አንዴ እየው» ብሎ ስለላከልኝ የመሬት ሽያጭ ውል ነው።

በውሉ ላይ የቦታው አራት ጎኖች ተጽፈዋል። ፊት ለፊቱ 15 ሜትር፣ ቀኝ ጎኑ 20፣ ጀርባው 12፣ ግራ ጎኑ 17። ስፋቱ 250 ካሬ ሜትር ይላል። የአንዱ ካሬ ዋጋ 400፣ ጠቅላላው 100,000።

ወዳጄ 250ን በ400 አባዝቶ ጨርሷል። ልክ 100,000 ይመጣል። በፊደል የተጻፈውም ከአኃዙ ጋር አንድ ነው። «ይገጥማል» አለኝ። እኔን የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ መቆማችን ነው። ማባዛቱ የሚያሳየን ስፋቱ፣ ዋጋውና ድምሩ መስማማታቸውን ብቻ ነው። 250 ራሱ ከየት መጣ? እሱ አልተነካም።

እኔ ከጎኖቹ ጀመርኩ። ፊትና ጀርባውን ደምሬ ለሁለት ስካፍል 13.5 ሆነ። ግራና ቀኙ ደግሞ 18.5። ሁለቱ ሲባዙ 249.75። ይኸው፣ ተጠጋግቶ 250። ስፋቱ የተገኘው የተቃራኒ ጎኖችን አማካይ በማባዛት ነው ማለት ነው። ዘዴው በጣም ያረጀ ነው። በግብፅ የኤድፉ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የተቀረጹ የእርሻ መሬቶች ስፋት የተሰላው በዚሁ መንገድ ነው።

ችግሩ፣ ይህ ስሌት ትክክል የሚሆነው አራቱም ማዕዘኖች ቀጥ ያሉ 90 ዲግሪ ሲሆኑ ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ሁልጊዜ ያበዛል፤ አሳንሶ አያውቅም። ስለዚህ ስህተቱ አንዴ ለገዢ፣ አንዴ ለሻጭ የሚያደላ አይደለም። ሁሌም የሚከፍለው ገዢው ነው።

ለምን መሰላችሁ? አራት ጎን ብቻውን ስፋትን አይወስንም። አራት እንጨት ጫፍ ለጫፍ በሚስማር አያይዛችሁ አንዱን ማዕዘን ግፉት። ይጋደማል። የእንጨቶቹ ርዝመት አልተለወጠም፣ ውስጡ ያለው ቦታ ግን ጠበበ። ቅርጹን የሚያስረው ከማዕዘን ወደ ማዕዘን የሚዘረጋው ሰያፍ መስመር ነው። የወዳጄ ውል ላይ ደግሞ እሱ የለም።

ስለዚህ «ሜትር ይዘህ ተመለስና ሰያፉን ለካ» አልኩት። ከፊት ለፊቱ የግራ ማዕዘን እስከ ጀርባው የቀኝ ማዕዘን፣ ሜትሩ ሳይረግብ፣ ተዳፋት ካለም መሬቱን ተከትሎ ሳይሆን በአግድም ተይዞ። 25 ሜትር ወጣ።

አሁን ቦታው ሁለት ሦስት ማዕዘን ሆነ። አንዱ 15፣ 20 እና 25 ነው። ይህ ቀጥ ያለ ማዕዘን ስላለው 15 በ20 ተባዝቶ ግማሹ 150 ካሬ። ሌላው 12፣ 17 እና 25 ነው። ለዚህ የሄሮን ቀመር ያስፈልጋል። ሦስቱን ጎኖች ደምሮ ግማሹን መውሰድ፣ 27። ከ27 ላይ እያንዳንዱን ጎን መቀነስ፤ 15፣ 10 እና 2 ይቀራሉ። ከዚያ 27ን ከሦስቱ ጋር ማባዛት፣ 8,100። የእሱ ካሬ ሥር 90 ነው። 150 እና 90፣ 240 ካሬ።

አሥር ካሬ የለም። በ400 ሲሰላ 4,000 ነው።

ሻጩ «ሜትሩን አሳስታችሁ ይዛችሁት ይሆናል» ሊል ይችላል፣ መብቱም ነው። ለዚህ ሁለተኛውን ሰያፍ መለካት ነው። ጎኖቹና የመጀመሪያው ሰያፍ ልክ ከሆኑ፣ ሁለተኛው 20 ሜትር ከ24 ሳንቲ ግድም መውጣት አለበት። ሻጩ ባለበት ተለካ፣ ወጣም። ጥቂት ሳንቲ ወዲህ ወዲያ ቢል ምንም አይደለም። ግማሽ ሜትር ቢለይ ግን ከስድስቱ ልኬቶች አንዱ ስህተት አለበት፤ እንደገና መለካት ነው።

ሻጩ ሊያታልል የፈለገ አልመሰለኝም። ወረቀቱ እንዲሁ ሲገለበጥ የመጣ ነው። ቁጥሩን ሲያይ ተቀበለ።

አንድ ነገር ግን ውሉ ውስጥ ፈልጌ ነበር። ሽያጩ በካሬ ነው ወይስ ቦታው ባለበት በጅምላ? «ስፋቱ ቢበዛም ቢያንስም ዋጋው አይለወጥም» የሚል ሐረግ ካለ፣ አሥሩን ካሬ አግኝታችሁም ዋጋው ላይቀንስ ይችላል። የወዳጄ ረቂቅ ስለዚህ ምንም አይልም ነበር። ስለዚህ ሁለቱም ሰያፎች ከጎኖቹ ሥር ተጻፉ፣ ስፋቱ 240 ተባለ፣ ጠቅላላውም 96,000 ሆነ። «ዋጋው የሚታሰበው በልኬት በተረጋገጠው ካሬ ሜትር ነው» የሚል አንቀጽም ገባ። ፈረመ።