አድራሻው ተጽፎ ገጹ እስኪከፈት፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ብራውዘር ላይ የዌብሳይት ስም ጽፌ ኢንተር ስል ገጹ እስኪመጣ ድረስ በመሃል ምን ይከናወናል?

የአማርኛ ዊኪፔዲያን አድራሻ፣ am.wikipedia.org ን ይዘን እንከተለው። ብራውዘሩ መጀመሪያ የሚለየው የጻፉት አድራሻ ነው ወይስ ተራ ቃል የሚለውን ነው። ነጥብ የሌለው ቃል ከሆነ ወደ መፈለጊያ ይልከዋል። አድራሻ ከሆነ ደግሞ የዚያን ስም አይፒ ቁጥር ማግኘት አለበት፤ ማሽኖች በኢንተርኔት ላይ የሚደዋወሉት በቁጥር ነውና።

ቁጥሩን በቅርቡ ጠይቆት ከነበረ ብራውዘሩ ወይም ስልኩ ራሱ ይዞት ይቆያል፤ ፍለጋው እዚያው ያልቃል። ካልያዘው ጥያቄው ወደ ዲኤንኤስ ሰርቨር ይሄዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይህ የኢንተርኔት አቅራቢያችሁ ያቆመው ነው። እሱም ካላወቀው ስሙን ከቀኝ ወደ ግራ እየተከተለ ይጠይቃል። መጀመሪያ የሚጠይቀው ከ a እስከ m ባሉ 13 ስሞች የሚታወቁትን የሩት ሰርቨሮች ነው። እነሱ የዊኪፔዲያን ቁጥር አያውቁም፤ የ .org ን ሰርቨሮች ግን ያመለክታሉ። የ .org ሰርቨር ደግሞ wikipedia.org ን የሚያውቁት እንደ ns0.wikimedia.org ያሉት ናቸው ይላል። የመጨረሻውን ቁጥር የሚሰጡት እነዚህ ናቸው። ስሙ በ .et የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ ከሩት ቀጥሎ የሚጠየቁት የ .et ሰርቨሮች ይሆኑ ነበር።

ቁጥሩ ለሁሉም ሰው አንድ አይደለም። ዊኪፔዲያ በቨርጂኒያ፣ በአምስተርዳም፣ በማርሴይ፣ በሲንጋፖርና በሌሎችም ቦታዎች ማሽኖች ስላሉት፣ ጠያቂው ወዳለበት የሚቀርበውን እየመረጠ ይሰጣል። ዋሽንግተን ያለው ወንድማችሁና እናንተ የተለያየ ቁጥር ብታገኙ ጤነኛ ነው። ኮምፒውተር ላይ በዚህ ትእዛዝ ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ፦

```
nslookup am.wikipedia.org
```

ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ ብራውዘሩ የሰርቨሩን 443 ቁጥር በር ያንኳኳል። «ልናገር?»፣ «እሺ፣ እኔም ልናገር?»፣ «እሺ» የሚሉ ሦስት አጫጭር መልእክቶች ይለዋወጣሉ። ከዚያ ሰርቨሩ ሰርተፍኬቱን ያሳያል፤ ብራውዘሩ ይመረምረዋል፤ ሁለቱ በመሃል ሌላ ሰው እንዳያነብ የሚመሰጥሩበትን ቁልፍ ይስማማሉ። የገጹ ጥያቄ የሚላከው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ብቻ ነው። መጀመሪያ የሚመጣው ጽሑፉን የያዘው ፋይል ነው፤ በውስጡ የሥዕሎቹ፣ የመልኩና የፕሮግራሞቹ አድራሻ ስላለ ብራውዘሩ እነሱን ደግሞ ለየብቻ ይጠይቃል። ኔትወርክ ሲደክም ጽሑፉ ቀድሞ ወጥቶ ሥዕሉ የሚዘገየው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ከዚህ ያዙልኝ። ስም የሚነበበው ከቀኝ ነው። am.wikipedia.org.example.com የሚል አድራሻ ብታዩ ባለቤቱ example.com ነው፤ ዊኪፔዲያ በፊት ስለተጻፈ የዊኪፔዲያ አይሆንም። ከስሙ በኋላ ያለችውን የመጀመሪያዋን «/» ፈልጉና ከእሷ በስተግራ ያለውን መጨረሻ አንብቡ።

ጥያቄ፦ ዲኤንኤሱን 8.8.8.8 ባደርገው ኢንተርኔቴ ይፈጥናል?

8.8.8.8 የጎግል ዲኤንኤስ ሰርቨር ነው። ስም ፍለጋው ሊፈጥን ይችላል፤ ቪዲዮው ግን አይፈጥንም።

ጥያቄ፦ ገጽ አልከፍት ሲለኝ ሁልጊዜ ሞደሙን አጥፍቼ አበራለሁ። አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም። ለምንድን ነው?

ብራውዘሩ መንገዱ የት ላይ እንደተቋረጠ ጽፎ ይነግራችኋል። ከታች በትንንሽ ፊደል የወጣችውን ቃል አንብቧት።

DNS_PROBE_FINISHED_NXDOMAIN ካለ ስሙ አልተገኘም ማለት ነው። መጀመሪያ ፊደሉን አጣሩ፤ አንድ ፊደል ተሳስቶ መሆኑ የተለመደ ነው። ፊደሉ ልክ ከሆነና ሌሎች ገጾች ከተከፈቱ፣ የዚያ ዌብሳይት ባለቤት ዶሜይኑን ሳያድስ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ገጽ እንዲያ ካለ የዲኤንኤስ ሰርቨራችሁ ላይ ችግር አለ፤ ያን ጊዜ ሞደሙን ማጥፋትና ማብራት ሊረዳ ይችላል።

ERR_CONNECTION_TIMED_OUT ከሆነ ቁጥሩ ተገኝቷል፣ በሩ ተንኳኩቷል፣ የሚመልስ ግን ጠፍቷል። ሰርቨሩ ወድቆ፣ ወይም መንገዱ ላይ የሆነ ቦታ ተዘግቶ ይሆናል። በሞባይል ዳታ ሞክሩት፤ በዳታ ከከፈተ ችግሩ ያለው ዋይፋያችሁ ጋ ነው።

404 ካያችሁ ሰርቨሩ አለ፣ አናግሯችኋል፣ የጠየቃችሁት ገጽ ነው የሌለው። 502 ወይም 503 ከሆነ ችግሩ ከሰርቨሩ ወገን ነው። በእነዚህ ሦስቱ ሞደሙን ቀኑን ሙሉ ብታጠፉና ብታበሩ ምንም አይለወጥም።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ ባንክም ልክፈት ኢሜይል «Your connection is not private» ይለኛል። እኔ Advanced ብዬ ከታች ያለውን Proceed እጫናለሁ፣ ይከፍታል። ችግር አለው?

አለው፤ ዛሬውኑ ያቁሙ። ብዙ ሰው ይህንን ስለሚያደርግ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ሰርተፍኬት የሰርቨሩ መታወቂያ ነው። ብራውዘሩ ሦስት ነገር ያያል፦ የተጻፈበት ስም እርስዎ ከጻፉት ጋር አንድ ነው ወይ? ቀኑ አላለፈም ወይ፣ ደግሞስ ጀምሯል ወይ? የሰጠው አካል የሚታመን ነው ወይ? ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ያንን ማስጠንቀቂያ ያወጣል። የትኛው እንደጎደለም ከሥሩ ይጽፋል።

የእርስዎ ላፕቶፕ በሁሉም ገጽ ላይ እንዲህ ካለ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሰዓቱን ነው። በእኛ አገር ደጋግሞ የሚታይ ነገር አለ፤ ሰው ኮምፒውተሩ ቀን ሲጠይቀው የእኛን አቆጣጠር ያስገባል። ኮምፒውተሩ ግን የሚያስበው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ጥር 2018 እያለን ዓመቱን 2018 ብለው ቢሞሉት፣ ማሽኑ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። ሰርተፍኬቶች አሁን የሚሰጡት ለአጭር ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለጥቂት ወራት ስለሆነ፣ በዚያ ማሽን ዓይን ሁሉም ገና ያልተሰጡ ናቸው። NET::ERR_CERT_DATE_INVALID የሚለውን፣ ወይም ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል የሚለውን ገጽ ያያሉ። ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን በፈረንጆች ያስተካክሉ፤ ሰዓቱን ከማለዳ ሳይሆን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እንደሚቆጠር አድርገው ይሙሉ፤ የሰዓት ሰቁን አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ ያድርጉት። ይበቃል። አስተካክለውት መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ወደ አሮጌ ቀን የሚመለስ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ሞታለች። በዴስክቶፕ ላይ ብዙውን ጊዜ CR2032 የምትባለው ናት፤ ርካሽ ናት፣ ያስቀይሯት።

አሁን ወደ አደጋው። ቀኑ ልክ ሆኖ NET::ERR_CERT_AUTHORITY_INVALID ካለ መታወቂያውን የሰጠው አይታወቅም። NET::ERR_CERT_COMMON_NAME_INVALID ካለ ደግሞ መታወቂያው የሌላ ሰው ነው። አንዳንዴ ምክንያቱ የሆቴል ወይም የካፌ ዋይፋይ በመጀመሪያ የራሱን መግቢያ ገጽ ሊያሳይ ስለሚሞክር ነው። አንዳንዴ ግን በእርስዎና በባንክዎ መሃል የገባ ሰው አለ። ብራውዘሩ ሁለቱን ሁልጊዜ ሊለይልዎ አይችልም፤ እርስዎም ከገጹ መልክ አይለዩትም፤ ምክንያቱም መሃል የገባው ሰው እውነተኛውን ገጽ ከባንኩ ተቀብሎ እርስዎ ጋ ሊያደርሰው ይችላል። Proceed ብለው የይለፍ ቃል ሲጽፉ ምስጠራው አለ፤ የተመሰጠረው ግን ለዚያ ሰው ነው። እሱ ፈትቶ ያነበዋል፣ ከዚያ ለባንኩ ያስተላልፋል። ምንም የጎደለ ነገር አያዩም።

የሚያሳስበኝ ልማዱ ነው። ሰዓቱ በተበላሸ ላፕቶፕ ላይ ለወራት Proceed ሲጫን የኖረ እጅ፣ እውነተኛው አደጋ የመጣ ቀን ሳያነብ ይጫናል። አንዳንድ ገጾች Proceed የሚለውን ጭራሽ አያሳዩም፤ ባለቤቶቹ ለብራውዘሩ «ሰርተፍኬቱ ካልተስተካከለ ማንንም አታስገባ» ብለው አስቀድመው ስላዘዙት ነው። ያንን የሚያልፍ ዘዴ ከኢንተርኔት ላይ አትፈልጉ። ልጆቻችሁ ኮምፒውተር ላይ ይህን ሲያደርጉ ካያችሁም እጃቸውን ያዙ።

ሰዓቱን አስተካክለው፣ በሌላ ኔትወርክ ሞክረው፣ አሁንም በሁሉም ገጽ ላይ የሚልዎት ከሆነ ላፕቶፑ ውስጥ ግንኙነቱን የሚጠልፍ ፕሮግራም ሊኖር ይችላል። ያኔ የይለፍ ቃል ምንም ሳይጽፉበት ለሚያምኑት የጥገና ባለሙያ ያሳዩት።

ጥያቄ፦ ድሮ አድራሻው ጎን አረንጓዴ ቁልፍ ነበረች። የት ገባች?

ክሮም በ2023 አንስቷታል፤ ያኔም ቢሆን አረንጓዴነቷ ቀርቶ ነበር። የተነሳችበት ምክንያት ልክ ነው፤ ሰው ቁልፏን ሲያይ ባለቤቱ ታማኝ ነው ብሎ ያስብ ነበር። ቁልፏ የምትናገረው መስመሩ መመስጠሩን ብቻ ነበር። አጭበርባሪም ሰርተፍኬት በነጻ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ያገኛል፤ በገዛው ስም ላይ ማለት ነው። ስለዚህ እንደገና እላለሁ፣ ስሙን ከቀኝ አንብቡ። የባንካችሁን ስም በቃል ጽፋችሁ በመፈለጊያው ከሚወጣው የመጀመሪያ ማስታወቂያ አትግቡ፤ ሙሉ አድራሻውን ጻፉ፣ ወይም አንዴ አስቀምጡትና ከዚያ ክፈቱ።

ጥያቄ፦ የአማርኛ ዊኪፔዲያ ሊንክ ኮፒ አድርጌ ቴሌግራም ላይ ስለጥፍ %E1%8A… እያለ ይረዝማል። ቫይረስ ነው?

አይደለም። አድራሻ ወደ ሰርቨሩ የሚጓዘው በላቲን ፊደላት፣ በቁጥሮችና በጥቂት ምልክቶች ብቻ ነው። የእኛ ፊደል እያንዳንዱ በሦስት ባይት ስለሚቀመጥና እያንዳንዱ ባይት % ከሁለት ምልክት ጋር ሆኖ ስለሚጻፍ፣ አንዷ «አ» %E1%8A%A0 ትሆናለች፤ ዘጠኝ ምልክት። አሥር ፊደል ያለው ርዕስ ዘጠና ይሆናል። ብራውዘሩ መልሶ በአማርኛ ያሳየዋል። ሊንኩን ቆርጣችሁ አትላኩ፤ መጨረሻው ከጎደለ ሌላ ገጽ ወይም 404 ይመጣል። እንዲህ ባለ ሊንክ ላይም የምታዩት ከ«/» በፊት ያለውን ስም ነው።

ጥያቄ፦ የድርጅታችንን ዌብሳይት ወደ ሌላ ሆስቲንግ አዛወርን። ለእኔ አዲሱ ይከፈታል፣ ለደንበኞቻችን ግን አሮጌው። ምን አጠፋን?

ቁጥሩ ሲሰጥ ስንት ሰከንድ መያዝ እንደሚቻል አብሮ ይነገራል፤ TTL ይባላል። 86400 ከሆነ ያ ሰርቨር አሮጌውን ቁጥር እስከ አንድ ቀን ሙሉ ይዞት ይቆያል። ደንበኞቻችሁ የሚጠይቁት ሰርቨር ገና አልረሳውም። አሁን መጠበቅ እንጂ ማፋጠኛ የለውም። ለሚቀጥለው ጊዜ ከዝውውሩ ቢያንስ አንድ ቀን በፊት TTL ን ወደ 300 ዝቅ አድርጉት፤ አሮጌው ሰዓት እስኪያልቅ ጠብቁ፤ ከዚያ ቁጥሩን ቀይሩ። አሮጌውንም ሰርቨር ለጥቂት ቀናት አትዝጉት፤ ሁለቱም ላይ ትእዛዝ የሚቀበል ቅጽ ካለ ግን በአሮጌው ላይ የሚገባው እንዳይጠፋ የአሮጌውን ቅጽ አቁሙት።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። የቀየራችሁት ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የዶሜይኑን ስም ሰርቨሮች ከሆነ፣ MX የሚባለው የኢሜይል መዝገብ በአዲሱ ቦታ መኖሩን ዛሬ አረጋግጡ። ከሌለ የሚላክላችሁ ኢሜይል ወይ ወደ ላኪው ይመለሳል፣ ወይ ወደማትከፍቱት ሳጥን ይገባል፤ እናንተም አታውቁትም። መዝገቡን ማንበብ ካልቻላችሁ በግምት አትነካኩት፤ ዲኤንኤስ የሚያውቅ ባለሙያ አማክሩ።