መልእክታችሁን ስታሳምሩ እናንተን አታጥፉ

እንደምን አመሻችሁ!

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት አጭር መልእክት ነው። የጻፈችው የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ እንዳነብላችሁ ፈቅዳልኛለች። የተጻፈችው ለሌላ ባልደረባችን ነው። መጀመሪያ ስትጽፋት እንዲህ ነበረች፦

«ሰላም ነህ? ሪፖርቱ ዛሬ አይደርስልህም። የሁለተኛው ክፍል ድምር ከመጀመሪያው ሰንጠረዥ ጋር አልገጥም ብሎኛል። አንድ ረድፍ ሁለቴ ገብቶ ይመስለኛል። ነገ እስከ ስድስት ሰዓት ብልክልህ ይሆናል?»

ከዚያ ቀለል ያለችባት መሰላትና ማሳመር ጀመረች። የተላከችው ይህቺ ናት፦

«ሪፖርቱን በተመለከተ፣ ባጋጠሙ አንዳንድ ያልተጠበቁ ተግዳሮቶች ምክንያት በተያዘለት የጊዜ ሰሌዳ ማቅረብ ያልተቻለ መሆኑን እየገለጽኩ፣ ተጨማሪ ጊዜ እንዲሰጠኝ በትህትና እጠይቃለሁ። ለሚያደርጉልኝ ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ።»

መልሱ ወዲያው መጣ። «ምን ሆነሽ ነው? አስቀየምኩሽ እንዴ?» ቀጥሎ ደግሞ፦ «ግን መቼ ነው የሚደርሰው?»

ሁለተኛውን ጥያቄ ልብ በሉልኝ። የመጀመሪያው መልእክት እኮ መልሶት ነበር! «ነገ እስከ ስድስት ሰዓት» ይላል። ሲያምር «ተጨማሪ ጊዜ» ሆነ። ያልገጠመው ድምርና ሁለቴ የገባው ረድፍ ደግሞ «አንዳንድ ተግዳሮቶች» ሆኑ። «አልገጥም ብሎኛል» ስትል የነበረችው ሴትዮም ጠፋች፤ «ያልተቻለ» ሲባል ማን እንዳልቻለ አይታወቅም። ለዓመታት «አንተ» ስትለው የኖረችው ሰው በአንድ ጊዜ አንቱ ተባለ። ተቀየመችኝ ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ብዙ ሰው የራስ ድምፅ ሲባል ቀልድ ወይም የአራዳ ቃል ይመስለዋል። እኔ ግን በአብዛኛው ዝርዝሩ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ሰዓቱን፣ ረድፉን፣ «ይመስለኛል» የሚለውን ጥርጣሬ ሌላ ሰው ሊያውቀው አይችልም፤ ሥራውን የያዘችው እሷ ናት። «አንዳንድ ተግዳሮቶች» የሚለውን ግን ማንም ስለ ማንኛውም ነገር ሊጽፈው ይችላል። መልእክታችሁ ማሽን የጻፈው የሚመስለውም በዚህ ነው። ጽሑፍ የሚያስተካክሉ ፕሮግራሞችም ዝም ብላችሁ «አሳምርልኝ» ካላችኋቸው ብዙ ጊዜ ወደዚያው ይወስዷችኋል። ባልደረባዬ ግን ያለ ማንም እርዳታ፣ በገዛ እጇ ነው እዚያ የደረሰችው።

ታዲያ መልእክት አይታረም ማለት ነው? ይታረማል እንጂ። መጀመሪያ የጻፋችሁትን አታጥፉት፤ ኮፒ አድርጋችሁ ከሥር አስቀምጡት። ከዚያ ትርጉም የሚያዛቡ ስሕተቶችን ፈልጉ። «ይደርሳል» እና «ደርሷል» አንድ አይደሉም፤ በችኮላ ሲጻፍ ግን ይቀያየራሉ። ቀጥሎ ቅደም ተከተሉን እዩ። በእሷ መልእክት ውስጥ ሰውየው በጣም የሚፈልገው ሰዓቱን ነው፤ እሱ ግን መጨረሻ ላይ ተቀምጧል። ወደ ፊት እናምጣው፦

«ሰላም ነህ? ሪፖርቱ ለዛሬ አልደረሰልኝም፤ ነገ እስከ ስድስት ሰዓት ብልክልህ ይሆናል? የሁለተኛው ክፍል ድምር ከመጀመሪያው ሰንጠረዥ ጋር አልገጥም ብሎኛል። አንድ ረድፍ ሁለቴ ገብቶ ይመስለኛል።»

አለቀ። ቃሎቹ ከሞላ ጎደል የራሷ ናቸው፤ ቦታ ነው የቀየሩት። ጨዋነቱም አልጎደለም፤ «ብልክልህ ይሆናል?» ብላ አስፈቅዳለች።

አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንድ ነገር ብቻ ፈትሹ። በመጀመሪያው ላይ የነበረ ሰዓት፣ ቁጥር፣ ስም ወይም «እኔ» የሚል አድራጊ በታረመው ላይ አለ? ከጠፋ መልሱት። ፕሮግራም የምትጠቀሙም ከሆነ ስሕተቱን እንዲያሳያችሁ ብቻ አድርጉትና ማረሙን ራሳችሁ ሥሩት። በመጨረሻ ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡት። ሰውየው ፊት ለፊታችሁ ቢቀመጥ «መሆኑን እየገለጽኩ» ትሉታላችሁ? ካላላችሁ ሰርዙት።

እዚህ ላይ አንድ ተንኮል አለ። አንዳንዱ ሰው የደረቀውን እንዳለ ይተወውና ሰው እንዲመስል መጨረሻ ላይ «ሃሃ» ወይም የሳቅ ምስል ይለጥፍበታል። ይሄ ይብሳል፤ የሁለት ሰው ጽሑፍ ይመስላል።

የማመልከቻ ደብዳቤ ሌላ ነው። እዚያ አርዕስቱም፣ አንቱታውም፣ የመዝጊያው ምስጋናም የተለመደ ወግ ስላለው፣ እሱን ሰብሬ ልዩ ልሁን ማለት አያዋጣም። መሐሉ ግን የእናንተው ነው። የትኛው ሰነድ፣ በየትኛው ቀን እንደገባ፣ ምን እንዲደረግላችሁ እንደምትፈልጉ በአጭር ዓረፍተ ነገር ጻፉት። ደብዳቤውን የሚከፍተው ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።

አመሰግናለሁ።