«ማን መጣ?» «ማንም»

የተከበራችሁ የአማርኛ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ ከኮምቦልቻም ከሐይቅም ከባቲም ደሴ ድረስ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ልጅ ሆኜ ቧንቧ ውሃ ሰፈር አክስቴ ቤት ቡና ሲፈላ በር የማየት ሥራ የእኔ ነበር። የጦሳ ነፋስ ቆርቆሮውን በር ሲያንኳኳው ሰው የመጣ ይመስላል። ሮጬ አይቼ እመለሳለሁ። «ማን መጣ?» ትለኛለች። «ማንም» እላታለሁ። እሷም ቶናውን መቅዳቷን ትቀጥላለች። በቃ፣ ተግባብተናል።

ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያች አንዲት ቃል ነው። ልብ በሉ፣ ከአፌ የወጣው «ማንም» ብቻ ነው። «አል» የሚል የለበትም፣ ግስም የለውም። አክስቴ ግን «ሰው አልመጣም» ማለቴ እንደሆነ ወዲያው ገባት። አሉታው ከየት መጣ?

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም የሥነ ልሳን ሰዎችን ብዙ ዓመት አከራክሯል። ክርክሩ ሁለት ዓይነት ቃላትን ስለ መለየት ነው። አንደኛው የአሉታ ጥገኛ ልንለው የምንችለው ነው፤ አሉታ ወይም አሉታን የሚመስል አካባቢ ካላገኘ አይኖርም። የእንግሊዝኛው «ኤኒባዲ» የታወቀ ምሳሌ ነው። ሁለተኛው የአሉታ ስምምነት ቃል ነው። ይሄ ከግሱ አሉታ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ሁለቱ ተደምረው አንድ አሉታ ብቻ ይሆናሉ። የሥነ ልሳን ምሁሯ ኢትሲያር ላካ በ1990 እንዲህ ላሉ ቃላት የጋራ መጠሪያ ካወጣች ወዲህ፣ የትኛው ቃል የቱ ጋ እንደሚመደብ መለየት ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል።

«ማንም አልመጣም» ስንል ሁለቱም ዓይነት ቃላት እዚያ ቦታ ሊቀመጡ ይችላሉ። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም። መለያ ያስፈልጋል። ከመለያዎቹ ሁሉ እኔ የምወደው አጭር መልስን ነው፤ ማለትም የአክስቴን ቤት።

እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ማን መጣ?» ቢባል «ኤኒባዲ» ብሎ መመለስ አይችልም። ጥገኛ ስለሆነ የሚደገፍበት አሉታ ይፈልጋል። እኛ ግን «ማንም» ብለን ዝም እንላለን።

አሁን አንዱ ጎበዝ ተማሪ እጁን ያወጣል። «ጋሼ፣ ይሄ ምን ይገርማል? "አልመጣም" የሚለው ተውጦ ነው እኮ!» ይለኛል። ጥሩ ተቃውሞ ነው። እንፈትነው።

አማርኛ ውስጥ ሌላ አሉታ የሚወድ አባባል እንውሰድ፤ «ሰባራ ሳንቲም»። «ሰባራ ሳንቲም የለኝም» እንላለን። «ሰባራ ሳንቲም አለኝ» የሚል ሰው ግን አልሰማሁም። እንግዲህ ባቲ ሰኞ ገበያ ሄደን እንበል። ጓደኛዬ «ስንት ብር ይዘሃል?» አለኝ። «ምንም» ብዬ ብመልስ ነገሩ አለቀ። «ሰባራ ሳንቲም» ብዬ ዝም ብልስ? ፊቴን እያየ ይጠብቀኛል። «እሺ፣ ሰባራ ሳንቲም ምን?» ይላል። «የለኝም» የሚለው ጎድሎታል። (አንዳንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ እጁን አራግፎ ሊያስኬደው ይችላል። እጅ ማራገፍ ግን ራሱ አሉታ ነው።)

አያችሁ? የተዋጠ ግስ ብቻውን የሚያድን ቢሆን ኖሮ «ሰባራ ሳንቲም»ንም ባዳነው ነበር። ደግሞም ጥያቄው «ማን መጣ?» የሚል አዎንታ ነው፤ ከጥያቄው ቢዋስ የሚዋሰው «መጣ»ን እንጂ «አልመጣም»ን አይደለም። ስለዚህ አሉታውን የሚጠራ ነገር «ማንም» ውስጥ አለ ማለት ነው። ሄዴ ዜይልስትራ በ2004 ያቀረበው ሐሳብ ለዚህ ይመቻል። እንደሱ አባባል እንዲህ ያለ ቃል በራሱ አሉታ አይደለም፤ የአሉታን ምልክት ግን ተሸክሟል። ምልክቱ ባለቤቱን፣ ማለትም እውነተኛውን አሉታ፣ ይፈልጋል። ባለቤቱ በድምፅ ካልተሰማም በዝምታ ይቀመጥለታል። «ሰባራ ሳንቲም» ያ ምልክት የለውም።

ታዲያ «ሰባራ ሳንቲም» ምንድን ነው የሚፈልገው? ዊልያም ላዱሶ በ1979 የሰጠው መልስ እስከ ዛሬ ያገለግላል። «ፍራፍሬ አልበላሁም» ካልኩ ብርቱካንም አልበላሁም። ከሰፊው ወደ ጠባቡ መውረድ ይቻላል። «ፍራፍሬ በላሁ» ካልኩ ግን ብርቱካን መብላቴ አይታወቅም። አሁን «ፍራፍሬ ከበላህ ያምሃል» የሚለውን እዩ። አሉታ የለውም፣ ሆኖም ብርቱካንም ከበላህ ያምሃል። «ከ» እና «ቢ» ያለበት ሐረግ እንደ አሉታ ቁልቁል ያስኬዳል። ጥገኛ ቃል የሚኖረው እዚህ ነው። ለዚህ ነው «ሰባራ ሳንቲም ቢኖረኝ ኖሮ እሰጥህ ነበር» ምንም ጆሮ የማይቆረቁረው።

«ማንም»ን እዚያው ብናስገባስ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ እኔም ተሳስቻለሁ። «ማንም ቢመጣ በሩን እንዳትከፍት» ትክክለኛ አማርኛ ነው። አሃ፣ እንግዲያው «ማንም»ም ጥገኛ ነው ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጽፌ ነበር። ትርጉሙን ስመለከተው ግን ሌላ ሆነ። «አንድ ሰው ከመጣ» ማለት አይደለም፤ «የፈለገው ሰው ይምጣ፣ አትክፈት» ማለት ነው። «ማንም ሊገባ ይችላል» የምንለው ዓይነት ነው። ትክክለኛውን ፈተና ለማግኘት «ከ»ን ተጠቀሙ፤ «ማንም ከመጣ ንገሪኝ» ይሻክራል። «ሰው ከመጣ ንገሪኝ» ነው የምንለው። ጥያቄም ላይ እንዲሁ ነው፤ «ማንም መጣ?» አንልም፣ «ሰው መጣ?» እንጂ።

የጥያቄው ፈተና ብቻውን ግን አይበቃም። የጣሊያንኛው «ኔሱኖ» አጭር መልስ ሆኖ «ማንም» ማለት ይችላል፤ በአዎንታ ጥያቄ ውስጥም ሲገባ ይሰማል። በአንድ መለያ ብትፈርዱ «ኔሱኖ» ያታልላችኋል። «ከሞላ ጎደል» የሚል ቃል አስጠግቶ መፈተን የሚወዱም አሉ። እኛ ጋ ብዙ አይረዳም፤ «ማንም አልመጣም ማለት ይቻላል» ስንል «ማለት ይቻላል» የሚይዘው ሙሉውን ዓረፍተ ነገር እንጂ «ማንም»ን አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። «ማን-ም አልመጣ-ም» ላይ ሁለት «ም» ስላለ፣ ስምምነቱ የ«ም» እና የ«ም» ነው የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ያምራል፣ ግን አይደለም። «ማንም ያልነካው እንጀራ» በሉ። ግሱ ላይ «ም» የለም፣ «ማንም» ግን ተደላድሎ ተቀምጧል። «ያለ ምንም ችግር» ላይ ደግሞ ግስ እንኳ የለም። ሥራውን የሚሠሩት «አል» እና «ያለ» ናቸው። «ማንም» ላይ ያለችው «ም» የ«እኔም» «ም» ትመስላለች። ጃፓኖች ዘንድ «ዳሬ» ማለት «ማን» ነው፣ «ሞ» ደግሞ «ም»። «ዳሬሞ» ከአሉታ ጋር ይሄዳል፣ አጭር መልስም ይሆናል። አኪራ ዋታናቤ በ2004 የስምምነት ቃል ነው ብሎ የተከራከረበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የቀረችኝ የርቀት ፈተና ናት። የስምምነት ቃል ብዙ ጊዜ አሉታውን ቅርብ፣ እዚያው ሐረግ ውስጥ ይፈልጋል። ጥገኛው ግን ከሩቅም ይደገፋል። መግቢያው ላይ በታደላችሁ ወረቀት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ታገኛላችሁ፤ «ማንም እንዲመጣ አልፈልግም» እና «ማንም መጣ አላለችም»። የመጀመሪያው ለእኔ ደህና ነው፣ ሁለተኛው ይጎረብጠኛል። ሳትመካከሩ፣ ሁለት ጊዜ ሳታስቡ፣ የሚያስኬደው ላይ ምልክት አድርጉ። ያደጋችሁበትንም ወረዳ ጻፉበት። ቡናው እስኪደርስ ወረቀቱን እሰበስባለሁ።